ቴሌግራም ላይ ኦሪጅናሉን ሳይለቁ መልእክት መተርጎም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቤተሰብ ግሩፕ፣ ከውጭ አገር አሠሪና ከዕቃ ላኪ ጋር ቴሌግራም ላይ የሚጻጻፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከበደው ይሄዳሉ።

የትርጉም ቁልፉ የት ነው ያለው?

ሴቲንግ ውስጥ Language የሚለውን ክፈቱ። የአፑን ቋንቋ የምትቀይሩበት ያው ገጽ ነው። ብዙ ሰው ቋንቋ ለመቀየር ብቻ ስለሚገባበት ከላይ ያሉትን ማብሪያዎች አያያቸውም። Show Translate Button የሚለውን አብሩ። ከዚያ ወደ ቻቱ ተመለሱና መልእክቱን ነካ አድርጉ፤ አይፎን ላይ ደግሞ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ከሚመጡት ምርጫዎች መካከል Translate የሚል ታገኛላችሁ።

እዚያው ገጽ ላይ Do Not Translate የሚል ዝርዝርም አለ። ራሳችሁ አንብባችሁ የምትረዷቸውን ቋንቋዎች እዚያ አስገቡ። አማርኛና እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ ሁለቱንም አስገቧቸው፤ ያኔ ዓረብኛ ወይም ቱርክኛ ሲመጣ ብቻ ነው የትርጉም ቁልፉ የሚወጣላችሁ።

ስተረጉመው ኦሪጅናሉ ጽሑፍ የት ይሄዳል?

እንዴት እንደተረጎማችሁት ይወስነዋል። ሰው የሚምታታበትም እዚህ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሁለት የተለያዩ አተረጓጎሞች አሉ።

የመጀመሪያው አንድ መልእክት መርጦ መተርጎም ነው። ትርጉሙ ከሥር በሚነሳ ትንሽ መስኮት ይመጣል። ቻቱ ውስጥ ያለውን መልእክት ግን አይነካውም። መስኮቱን ስትዘጉት ኦሪጅናሉ እንደነበረ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ሙሉ ቻቱን መተርጎም ነው። ይሄኛው መልእክቶቹን ቦታቸው ላይ ይተካቸዋል፤ ዓረብኛው ይጠፋና በቦታው እንግሊዝኛ ወይም አማርኛ ይቀመጣል። ኦሪጅናሉ አልተሰረዘም፤ ተደብቆ ነው ያለው። ቻቱ አናት ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ትርጉሙ ሲበራ Show Original ወደሚል ትቀየራለች። እሷን ነካ ስታደርጉ ሁሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ እንደገና ስትነኩ ደግሞ ይተረጎማል። የምታመሳክሩት እንግዲህ በዚህች መስመር ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ነው። እውነቱን ለመናገር አሠራሩ ብዙም አይመችም፤ ዊቻት ለምሳሌ መልእክቱን ጫን ብላችሁ ስትተረጉሙት ትርጉሙን ከኦሪጅናሉ ሥር ነው የሚያስቀምጠው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ታያላችሁ።

ክፍያ አለው?

አንድ አንድ መልእክት መተርጎም በነጻ ነው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ አለ። ሙሉ ቻት የሚተረጉመው Translate Entire Chats ግን በ2023 መጀመሪያ ሲመጣ ለፕሪሚየም ተጠቃሚዎች ነው የተሰጠው፤ ፕሪሚየም የሌለው ሰው ማብሪያውን ቢያየውም አይከፈትለትም።

በቀን አምስት ስድስት የውጭ ቋንቋ መልእክት ብቻ የሚደርሳችሁ ከሆነ ነጻው ይበቃል። እንዲያውም ለማመሳከር የሚሻለው እሱ ነው፤ ኦሪጅናሉን መቼም አይደብቅባችሁም። ፕሪሚየሙ ዋጋ የሚያወጣው መቶ መልእክት የሚጎርፍበት ግሩፕ ውስጥ ላለ ሰው ነው።

ፕሪሚየም አለኝ፣ አብርቼዋለሁም፤ ያቺ የላይኛዋ መስመር ግን አትመጣም። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋው Do Not Translate ውስጥ ገብቶ ነው። መጀመሪያ እሱን እዩ።

ካልሆነ ከዚህ በፊት መስመሯ ስታስቸግራችሁ Hide ብላችኋት ይሆናል። አንዴ ከተደበቀች በዚያ ቻት በራሷ አትመለስም። ቻቱን ክፈቱና ቀኝ ጥግ ካሉት ሦስት ነጥቦች Translate የሚለውን ምረጡ።

ሌላው ምክንያት አፑ ቋንቋውን መለየት ሲያቅተው ነው። ቻቱ በስቲከር፣ በ"እሺ" እና በ"ኦኬ" ብቻ የተሞላ ከሆነ የሚለይበት ነገር የለውም። ሚስጥራዊ ቻት ከሆነ ደግሞ አትድከሙ፤ Secret Chat ውስጥ ሙሉ ቻት መተርጎም የለም።

ወደማልፈልገው ቋንቋ እየተረጎመብኝ ነው። እንዴት ልቀይረው?

ሳትመርጡለት ሲቀር አፑ ራሱ በተከፈተበት ቋንቋ ነው የሚተረጉመው። አፑ በእንግሊዝኛ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ማለት ነው። ሙሉ ቻት ስትተረጉሙ ከላይኛዋ መስመር ጎን ያለውን ምልክት ተጭናችሁ ሌላ ቋንቋ ምረጡ። አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። የአንድ መልእክት መስኮት ላይ ደግሞ የሚተረጎምበት ቋንቋ ስም ከላይ ተጽፏል፤ እሱኑ ነካ አድርጉት።

አንድ ምክር፦ እንግሊዝኛ ደህና የምታነቡ ከሆነ ዓረብኛውን ወይም ቻይንኛውን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙት። ማሽኑ የተማረባቸው ጽሑፎች በእነዚያ ቋንቋዎች መካከል ብዙ ናቸው፤ አማርኛው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ቶሎ ይዘበራረቅበታል።

ሌላኛው ሰው መተርጎሜን ያውቃል? ፎርዋርድ ሳደርገውስ ትርጉሙ ነው የሚሄደው?

አያውቅም። ትርጉሙ የሚታየው እናንተ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ፎርዋርድ ስታደርጉም የሚሄደው የጸሐፊው ኦሪጅናል መልእክት ነው። ስለዚህ "ይኸው በእንግሊዝኛ ላክሁልሽ" ብላችሁ ብትተማመኑ፣ እሷ ጋር የሚደርሰው ያው ዓረብኛው ነው። ትርጉሙን መላክ ከፈለጋችሁ ከትንሹ መስኮት ላይ ኮፒ አድርጉና ለጥፉት።

ስክሪንሾት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው የሚያነሳው። ለውል፣ ለደመወዝ ወይም ለክርክር ማስረጃ የሚሆን ነገር ካለ Show Original ብላችሁ ኦሪጅናሉን አንሱ። የማሽን ትርጉም ስክሪንሾት ሰውየው ራሱ የጻፈውን አያሳይም።

ዋትስአፕ ላይስ ይሠራል?

ዋትስአፕ የራሱን ትርጉም የጀመረው በፈረንጆቹ መስከረም 2025 ነው። አንድሮይድ ላይ በ6 ቋንቋዎች ነው የተነሳው፦ እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ሂንዲ፣ ፖርቹጊዝ፣ ራሺያኛና ዓረብኛ። አይፎን ላይ ከ19 በላይ ነበሩ። አማርኛ ከሁለቱም ውስጥ አልነበረም። ዓረብኛን ወደ እንግሊዝኛ ለማንበብ ግን ይጠቅማል፣ አንድሮይድ ላይ ሙሉ ቻቱ በራሱ እንዲተረጎም ማድረግም ይቻላል።

አንድ የሚበልጥበት ነገር አለ። የቋንቋውን ፋይል መጀመሪያ አውርዶ ትርጉሙን እዚያው ስልኩ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጽሑፉ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም።

ኦሪጅናሉንና ትርጉሙን ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ። መንገድ የለም?

ኮምፒውተር ካላችሁ አለ። ቴሌግራምን ኮምፒውተሩ ላይም ክፈቱ። ስልኩ ላይ ቻቱን ተርጉሙት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳትተረጉሙ ተዉት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ታነባላችሁ። ትርጉሙን በአንዱ ላይ ማብራታችሁ የሌላውን ስክሪን አይቀይረውም።

ስልክ ብቻ ከሆነ ያላችሁ ሙሉ ቻቱን አትተርጉሙ። ነጻውን ተጠቀሙ፤ አስፈላጊውን መልእክት ብቻ እየነካችሁ መስኮቱ ላይ አንብቡት። ትንሽ ያዘገያል፣ ግን ኦሪጅናሉ ዓይናችሁ ሥር ይቆያል።

ሁሉንም መልእክት ማመሳከር አልችልም። ምን ምኑን ልይ?

ወሬውን ተዉት። "እንደምን አደራችሁ፣ ሁላችንም ደህና ነን" ላይ ማሽኑ ቢሳሳትም የሚጎዳ የለም። ቀን፣ ሰዓትና የሰው ስም ያለበትን ግን ሁልጊዜ ኦሪጅናሉን ክፈቱ። አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ደግሞ ይሄ የግድ ነው፤ የኛ የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ስለሚለይ ማሽኑ ቃሉን ይለውጥና ቁጥሩን እንዳለ ይተወዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቨርጂኒያ ያደጉት ልጆች አማርኛ አያነቡም፤ የቤተሰቡን ግሩፕ በእንግሊዝኛ ነው የሚከታተሉት። አክስት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ሠርጉ ጥር 17 እሁድ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቤት ተገኙ። ተስፋዬ ከኤርፖርት ይቀበላችኋል።" ማሽኑ "ጥር" የሚለውን January ይለዋል፣ 17ን አይነካም። ስለዚህ ልጆቹ የሚያነቡት January 17 ነው። 2018 ዓ.ም. ላይ ጥር 17 ግን በፈረንጆቹ January 25, 2026 ነው። 8 ቀን ቀድሞ የሚደርስ ትኬት ተቆረጠ ማለት ነው። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ የጠዋቱ 4 ሰዓት 4 am ሆኖ ይወጣል፣ እሳቸው ግን 10 am ማለታቸው ነው። ተስፋዬም ስሙ ትርጉም ስላለው "የእኔ ተስፋ ከኤርፖርት ይቀበላችኋል" ዓይነት ነገር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይሄኛው ቢያንስ ያስቃልና ሰው ይጠይቃል። ቀኑና ሰዓቱ ግን ምንም የሚያጠራጥር ነገር ስለሌላቸው ዝም ብለው ነው የሚያልፉት።

እንዴት ይያዛል? እዚህ መልእክት ውስጥ የምታጋልጠው "እሁድ" የምትለዋ ቃል ናት። የሳምንቱ ቀናት ከሁለቱም አቆጣጠር ጋር አይለወጡም፤ እሁድ Sunday ነው። ካላንደሩን ሲያዩት ግን January 17, 2026 ቅዳሜ ላይ ነው የዋለው። ቀኑና ዕለቱ ካልገጠሙ አንዱ አልተቀየረም ማለት ነው። ያኔ ኦሪጅናሉ ተከፍቶ "ጥር" የሚል መኖሩ ይታያል፣ በቀን መለወጫ ይቀየራል። በጭንቅላት "8 ቀን ጨምርበት" እያላችሁ ግን አትለምዱት። ልዩነቱ ከወር ወር ይለያያል፤ ጥር ላይ 8 ሲሆን መስከረም ላይ 10 ነው፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ማግስት ያለው አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ አንድ ቀን ይጨምራል።

ቋንቋውን ጭራሽ የማላነበው ከሆነ ኦሪጅናሉ ምን ይጠቅመኛል?

ከምታስቡት በላይ ይጠቅማል። ዓረብ አገር ያላችሁ ይሄን በደንብ ልብ በሉት፤ ዓረብኛ ፊደል ባትቆጥሩም ቁጥሮቹን መለየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አሠሪያችሁ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቀጠሮ ወይም ስለ ቤት ቁጥር ሲጽፉላችሁ ኦሪጅናሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከትርጉሙ ጋር ታመሳክራላችሁ። ሁለቱ የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦ ٥ የኛን ዜሮ ትመስላለች፣ ግን 5 ናት። ٦ ደግሞ 7 ትመስላለች፣ ግን 6 ናት። ዜሮው ራሱ ነጥብ ብቻ ነው፣ ٠ እንዲህ።

የመልእክቱ ርዝመትም ይናገራል። ኦሪጅናሉ ሦስት መስመር ሆኖ ትርጉሙ ግማሽ መስመር ከሆነ የተዘለለ ነገር አለ። የጥያቄ ምልክት ኦሪጅናሉ ላይ ካለ (ዓረብኛው የተገለበጠ ነው የሚመስለው) እና ትርጉሙ ላይ ከሌለ፣ ጥያቄ የነበረው ነገር ትእዛዝ ሆኖባችሁ ይሆናል። ጥርጣሬ ሲመጣ ደግሞ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ፎርዋርድ የምታደርጉት ኦሪጅናሉን ነው፤ ትርጉሙን ብታሳዩት እሱም የናንተኑ ስህተት ነው የሚያነብላችሁ።

ትርጉሙን መልሼ ወደ አማርኛ ብተረጉመው ስህተቱ አይታየኝም?

አንዳንዴ ይታያል። ዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ ሲመጣ "አልመጣም" ያላችሁት "እመጣለሁ" ከሆነ፣ ወይም አድራጊው ተለውጦ ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ትርጉም ችግር እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ግን ቀንና ሰዓት ላይ ይሄ ዘዴ ጭራሽ አይሠራም፤ እንዲያውም ያታልላል። ከላይ ያለውን ሠርግ ተመልከቱ። ጥር 17 ሄዶ January 17 ሆነ፣ ሲመለስ ደግሞ January ጥር ይባልና እንደገና ጥር 17 ይሆናል። 4 ሰዓትም 4 am ሆኖ ሄዶ የጠዋቱ 4 ሰዓት ሆኖ ይመለሳል። አማርኛው ልክ እንደላካችሁት ነው የሚመስለው፣ መሀል ላይ ያለው እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን በ8 ቀንና በ6 ሰዓት አሳስቶታል። ስለዚህ ለቀን ካላንደር፣ ለሰዓት ሰዓት ነው የሚያዋጣው።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም እህቴን "አንተ" ይላታል። አለቃዬም "ና" አለኝ። ማን ነው የተሳሳተው?

ማሽኑ ነው፣ ግን መረጃው ስለሌለው ነው። እንግሊዝኛው ላይ you ብቻ ነው የተጻፈው፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታናሽ ይሁን ትልቅ ሰው አይለይም። አማርኛ ግን ሳይለይ መናገር አይችልም። ማሽኑ ታዲያ አንዱን መምረጥ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ "አንተ" ላይ ይወድቃል። Are you coming tomorrow የሚለው "ነገ ትመጣለህ?" ሆኖ ይወጣል፣ የተጻፈው ለእናታችሁም ቢሆን።

ስለዚህ ከፈረንጅ አለቃ የመጣ ትርጉም ላይ "ና"ና "አምጣ" ስታዩ ንቀት አታድርጉት፤ ኦሪጅናሉን ክፈቱ። please የሚል ቃል ካለ ጨዋ ጥያቄ ነበር። በተለይ አዛውንት ያሉበት ግሩፕ ላይ የማሽን አማርኛ ኮፒ አድርጋችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት "ትመጣለህ" የሚሉትን ሁሉ ወደ "ይመጣሉ" አስተካክሏቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ኩርፊያ ግን ያድናል።

አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች መልእክት ለምን አይተረጎምም?

አፑ ቋንቋውን የሚለየው ከፊደሉና ከቃላቱ ነው። Selam endet nachu የሚል መልእክት ሲያገኝ ግዕዝ ፊደል የለበትም፣ የሚያውቀው ቃልም የለበትም። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የማይሆን ቋንቋ ስም ሰጥቶ የማይገናኝ ነገር ይተረጉማል። ትርጉሙ ከጨዋታው ጋር ምንም የማይገናኝ ሆኖ ካገኛችሁት ኦሪጅናሉን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ በላቲን የተጻፈ አማርኛ ነው የምታገኙት። ዓረብኛንም በላቲንና በቁጥር ቀላቅለው የሚጽፉ አሉ፣ እሱም ያው ነው። ሰዎቹን በግዕዝ ፊደል እንዲጽፉ ከመለመን ሌላ መፍትሔ የለውም። የድምፅ መልእክትና ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍም በዚህ ቁልፍ አይተረጎምም።

የባንክ ወይም የሕክምና ጉዳይ ቢሆን መተርጎሙ ችግር አለው?

ቴሌግራም ላይ ስትተረጉሙ ጽሑፉ በኢንተርኔት ወደ ሰርቨር ሄዶ ነው ተተርጉሞ የሚመጣው። ኔትወርክ ሲጠፋ ትርጉሙ የማይመጣውም ለዚህ ነው። ፓስዎርድ፣ የባንክ ኮድና የመሳሰለውን መተርጎም ምንም አያስፈልግም፤ ቁጥር ቁጥር ነው። ሕክምና ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከሚስጥር በላይ ነው። የመድኃኒት መጠንና "ከምግብ በፊት" ወይም "በኋላ" የሚለውን በማሽን ትርጉም ብቻ አትወስኑ፤ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ፋርማሲ ጠይቁ።

እኔ የምጽፈው ሌላው ሰው ጋር ሲተረጎም እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፣ ዕለቱንም ጨምሩበት። ሰዓቱንም በሁለቱም አድርጉት። የሰው ስም ትርጉም ያለው ከሆነ በላቲንም ጻፉት። ዓረፍተ ነገሩን አጭር አድርጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩበት። የአክስትየው መልእክት እንዲህ ቢጻፍ ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር፦

```
ሠርጉ እሁድ ጥር 17 ነው። Sunday, January 25, 2026
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። 10:00 AM Addis Ababa
ከኤርፖርት የሚቀበላችሁ፦ ተስፋዬ። Tesfaye
```

ማሽኑ የአማርኛውን ክፍል ቢያበላሸውም እንግሊዝኛው እንዳለ ይቀራል። ሁለቱ ሲለያዩ ደግሞ አንባቢው ራሱ "የትኛው ነው?" ብሎ ይጠይቃል።